ማርክ የሚሰጠው መምህሩ ነው

ወደ ካይሮ፣ ወደ መዲናና ወደ ሪያድ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያመለክቱ ወጣቶች የዲግሪያቸውንና የትራንስክሪፕታቸውን ፎቶ በቴሌግራም ወደ ተርጓሚ በሚልኩበት በዛሬው ጊዜ፣ ከአንዱ የትርጉም ቤት ወደ ሌላው ሳይመረመር የሚተላለፍ አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም ኤ ማለት «ሙምታዝ»፣ ቢ ማለት «ጀይድ ጂደን»፣ ሲ ማለት «ጀይድ»፣ ዲ ማለት «መቅቡል» ነውና ፊደሉን ሽሮ ቃሉን በቦታው መተካት የተርጓሚ ግዴታ ነው የሚል ነው።

እምነቱ ፈጽሞ ከሜዳ የበቀለ አይደለም፤ በሳዑዲ ዩኒቨርሲቲዎች ደንብ እያንዳንዱ የማርክ ፊደል በእርግጥ የራሱ የምዘና ቃል አለውና። ነገር ግን ያ ቃል ከፊደሉ በስተጀርባ ባለው መቶኛ ላይ የቆመ ሲሆን፣ የእነርሱ ቢ ከ80 እስከ 85 ያለውን ውጤት ሲይዝ፣ በብዙዎቹ የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች መለኪያ ግን ቢ ከ70 እስከ 75 ያለው ነው። እንግዲህ በስታትስቲክስ ትምህርት 72 አግኝቶ ቢ የተሰጠውን ተማሪ ተርጓሚው «ጀይድ ጂደን» ቢለው ያላገኘውን ማርክ ይጨምርለታል፤ መቶኛውን አይቶ በእነርሱ ሚዛን «ጀይድ» ቢለው ደግሞ መምህሩ የሰጠውን ፊደል ዝቅ ያደርግበታል። በግብፅ ያለው ወሰን ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ተርጓሚው ያልተሾመበትን የፈታኝነት ወንበር ይዞአል፤ አንድምታ ለቅዱሳት መጻሕፍት የተገባ ነው፣ ለትራንስክሪፕት ግን ነጠላ ንባብ ይበቃዋል።

ጉዳቱ ጐልቶ የሚታየው በዲግሪው ላይ ነው። አማካይ ውጤቱ ከ4.00 3.30 የሆነ፣ ዲግሪውም «በማዕረግ» የሚል አንድ ተመራቂ እናስብ። ተርጓሚው ደንበኛውን ደስ ለማሰኘት «በማዕረግ» የሚለውን «ሙምታዝ» ብሎ ይጽፋል፤ በሳዑዲው ደንብ ግን በ4 ነጥብ ሚዛን ሙምታዝ የሚጀምረው ከ3.50 ነው። የዩኒቨርሲቲው መዝጋቢ 3.30 የሚለውን ቁጥርና ሙምታዝ የሚለውን ቃል በአንድ ገጽ ጐን ለጐን ሲያነብ የትርጉሙን ስሕተት አይጠረጥርም፤ ሰነዱን ይጠረጥራል፤ በዚህም የልጁ እውነተኛ ድካም እንደ ሐሰተኛ ወረቀት ይቈጠርበታል። ይህን «አገልግሎት» እንደ ልዩ ችሎታ እያስነገሩ ገንዘብ የሚቀበሉትን ሰዎች በትዕግሥት ለመመልከት እቸገራለሁ።

የቀናው መንገድ ቀላል ነው፤ የማርኩ ፊደል እንዳለ ይቀመጣል፣ ቁጥሩ «3.30 ሚን 4.00» ተብሎ ከነሚዛኑ ይጻፋል፣ «በማዕረግ» የሚለውም «መዓ መርተበቲ ሸረፍ» ይባላል፤ ከሁሉ በላይ ግን የማርኩን መፍቻ የያዘው ሰንጠረዥ ሙሉ በሙሉ ይተረጐማል። ይህ ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ በትራንስክሪፕቱ ጀርባ ስለሚታተም የፊቱን ገጽ ብቻ ፎቶ አንሥቶ የላከ አመልካች መዝጋቢውን ሚዛኑን ነፍጎታል ማለት ነው።

ማኅተም አይተረጐምም የሚሉም አሉ፤ ይተረጐማል። በቅንፍ ውስጥ «ክብ ማኅተም» ተብሎ ጽሑፉ ይገለበጣል፣ ፊርማውም መኖሩ ይጠቀሳል፣ ያልተነበበውም በግምት ሳይሞላ «ገይር መቅሩእ» ይባላል። ያለ ቀለም ተጭኖ የወጣው ደረቅ ማኅተም በፎቶ እንዳይሰወር ብርሃኑ ከጐን እንዲወርድበት አድርጎ ማንሣት፣ ምስሉንም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ ይገባል፤ እንደ ፎቶ የተላከው ተጨምቆ ስለሚሄድ የማኅተሙ ጥቃቅን ፊደላት ይፈዛሉና።

ዓመተ ምሕረቱንም ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥ ይበቃል ማለት ሌላው ተረት ነው። ሐምሌ 20 ቀን 2012 የሚለው ዕለት «በኢትዮጵያ አቈጣጠር» ከሚለው ማስታወሻ ጋር ተጽፎ፣ በአጠገቡ እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ ጁላይ 27 ቀን 2020 ካልተባለ፣ ፓስፖርቱ በ1998 ተወለደ የሚለው ልጅ በ14 ዓመቱ ዲግሪ የጫነ ይመስላል።

የተርጓሚው ማኅተም ሰነዱን ያጸድቀዋል የሚለውም ከንቱ ነው፤ እርሱ የሚመሰክረው ለትርጉሙ ታማኝነት ብቻ ሲሆን፣ የሰነዱን እውነተኛነት የሚያረጋግጡት የትምህርት ባለሥልጣናቱ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና የሚሄዱበት አገር ኤምባሲ ናቸው።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ትርጉሙን ከመረከብህ በፊት ዋናውን በግራ ትርጉሙን በቀኝ አድርገህ፣ ዐረብኛ ባታውቅ እንኳ ፊደላቱንና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አመሳክር፤ በዋናው ላይ የሌለ ሙምታዝ ካገኘህም ገንዘብህን ሳትከፍል ለተርጓሚው መልስለት።