ቁጥር መስሎ የተቀመጠ ጽሑፍ በዕቃ ወጪ ድምር ላይ የሚያመጣው ጉድለት

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የመሸጫ ዋጋውን የሚቆርጠው ዕቃው መጋዘን እስኪገባ ድረስ የወጣበትን ወጪ ሁሉ ደምሮ ነው። ይህም ድምር ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው በኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። ኤክሴል በመደመር አይሳሳትም ተብሎ ይታመናል፤ እምነቱም መሠረት አለው። ነገር ግን የሚደምረው ቁጥር መሆኑን የተቀበለውን ብቻ ነው። ለዐይን ቁጥር መስሎ የሚታይ፣ በውስጡ ግን እንደ ጽሑፍ የተቀመጠ ሒሳብ በዓምዱ ውስጥ ቢገኝ፣ ሳይደምረው ያልፈዋል፤ ማለፉንም ለባለቤቱ አይናገርም።

የነገሩ ክብደት በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። አንድ አስመጪ 2,000 ካርቶን የሻይ ብርጭቆ በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ አዲስ አበባ አስገብቷል እንበል። የሒሳብ ጸሐፊው ወጪውን በሠንጠረዡ ሁለተኛ ዓምድ፣ ከ B2 እስከ B8 ባሉት ቤቶች ውስጥ በብር እንደሚከተለው አስፍሯል።

B2 — የዕቃው ዋጋ፦ 1,840,000
B3 — የባሕር ጭነት ኪራይ፦ 212,500
B4 — ኢንሹራንስ፦ 18,400
B5 — የጉምሩክ ቀረጥ፦ 736,250
B6 — የወደብ አገልግሎት፦ 64,300
B7 — የየብስ ማጓጓዣ፦ 148,000
B8 — ማውረጃና መጋዘን፦ 27,550

ከዚህም በታች ጸሐፊው የተለመደውን የመደመሪያ ቀመር ጻፈ።

```
=SUM(B2:B8)
```

ሠንጠረዡም 2,834,700 የሚል ድምር ሰጠ። ይህ ለ2,000 ካርቶን ሲካፈል አንዱ ካርቶን 1,417 ብር ከ35 ሳንቲም የወጣበት ይመስላል። በዚህ ሒሳብ ካርቶኑ በ1,500 ብር ቢሸጥ፣ በእያንዳንዱ ላይ 82 ብር ከ65 ሳንቲም ትርፍ የሚገኝ ይሆናል።

የመደብሩ ባለቤት ግን የጸሐፊውን ወረቀት ከመፈረማቸው በፊት በእጃቸው ማስያ መኪና መደመር የለመዱ ሰው ነበሩ።

«ጋሼ፣ ኤክሴሉ የሚለው 2,834,700 ነው» አለ ጸሐፊው።

«የእኔ ማስያ ደግሞ 3,047,000 ይላል፣ ልጄ። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል፤ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ዋጋ አይቆረጥም።»

«መስመሮቹ ግን ሁሉም ተጽፈዋል፣ ጋሼ። አንድም የጎደለ የለም።»

ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበር። ሰባቱ መስመሮች ሁሉ በወረቀቱ ላይ ይታያሉ፤ ድምሩ ግን የአምስቱ ብቻ ነው። የጎደለው 212,300 ብር የወደብ አገልግሎቱና የየብስ ማጓጓዣው ወጪ ነው። እውነተኛው የአንድ ካርቶን ወጪ 1,523 ብር ከ50 ሳንቲም ስለሆነ፣ በ1,500 ብር ቢሸጥ ኖሮ በእያንዳንዱ ካርቶን 23 ብር ከ50 ሳንቲም፣ በጠቅላላው 47,000 ብር ይከሰር ነበር። ድምሩ ዜሮ ሆኖ ቢመጣ ማንም ወዲያው ይጠረጥራል። እውነት የሚመስል፣ ነገር ግን ያነሰ ድምር ሲመጣ ግን የሚጠረጥር ጥቂት ነው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ኤክሴል በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ የገባውን ነገር ሲቀበል ወይ ቁጥር፣ ወይ ጽሑፍ አድርጎ ይመዘግበዋል። በመስኮቱ ላይ የሚታየው መልክ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ሊሆን ይችላል። SUM የተባለው ቀመር የቤቶችን ተርታ ሲደምር ጽሑፍ የያዘውን ቤት የወጪ ስም ወይም ማስታወሻ እንደሆነ ቆጥሮ ይዘለዋል። ይህ አሠራር በራሱ ጉድለት አይደለም፤ በዓምዱ ራስ ላይ «ብር» የሚል ቃል ቢኖር ድምሩ እንዳይበላሽ የተደረገ ነው። የሚጎዳው ገንዘቡ ራሱ በስሕተት ጽሑፍ ሆኖ ሲገኝ ነው።

በምሳሌው ውስጥ ሁለቱ ቤቶች የተበላሹት በተለያየ ምክንያት ነው። ጸሐፊው ባለፈው ዓመት የሠራበትን ሠንጠረዥ ባዶ አድርጎ እንደገና ሲጠቀምበት፣ B6 ቀደም ሲል የደረሰኝ ቁጥር ይጻፍበት ስለ ነበር ዓይነቱ Text ተብሎ ቀርቶ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚጻፍ ማንኛውም ቁጥር ጽሑፍ ይሆናል። የ B7 ሒሳብ ግን የመጣው ከትራንስፖርት ድርጅቱ ኢሜይል ተቀድቶ ነው። ከቁጥሩም ኋላ በዐይን የማይታይ አንድ ባዶ ቦታ አብሮ ተቀድቷል። ይህ ባዶ ቦታ በኢሜይልና በድረ ገጽ ጽሑፍ ውስጥ ቃላት እንዳይለያዩ የሚገባ ልዩ ምልክት ሲሆን፣ ኤክሴል በቁጥር 160 ያውቀዋል።

የተሰወረውን ለማግኘት መጀመሪያ መታየት ያለበት አሰላለፉ ነው። ማንም ካልለወጠው በቀር ኤክሴል ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል። ሆኖም ጸሐፊው ለውበት ብሎ ዓምዱን ሁሉ መካከል ላይ አሰልፎት ስለ ነበር ይህ ምልክት ጠፍቶ ነበር። በ B6 ላይኛ የግራ ማዕዘን የምትታየው ትንሽ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘንም ማስጠንቀቂያ ናት፤ የልዩው ባዶ ቦታ ባለበት ቤት ላይ ግን በእርስዋ መተማመን አይገባም። የማያሳስተው መንገድ መቁጠር ነው።

```
=COUNT(B2:B8)
=COUNTA(B2:B8)
```

የመጀመሪያው ቁጥር የያዙትን ቤቶች ብቻ ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ባዶ ያልሆኑትን ሁሉ ይቆጥራል። በምሳሌው የመጀመሪያው 5፣ ሁለተኛው 7 ይሰጣሉ። ልዩነቱ ሁለት ስለሆነ ሁለት ቤቶች ተሰውረዋል ማለት ነው። የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ በጎናቸው ባለው ዓምድ =ISNUMBER(B2) ብሎ ጽፎ እስከ ታች መሳብ ይበቃል፤ FALSE የሚል መልስ የወጣበት መስመር ጽሑፍ ነው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች በ SUM ፋንታ ቤቶቹን አንድ በአንድ በ + ምልክት ያገናኛሉ። ይህ ምልክት ከ SUM በተለየ አኳኋን ጽሑፉን ወደ ቁጥር ለመለወጥ ይሞክራል። ስለዚህ B6 ብቻውን ቢሆን ኖሮ ድምሩ በትክክል ይወጣ ነበር። የ B7 ባዶ ቦታ ግን ሊለወጥ ስለማይችል ጠቅላላው መልስ #VALUE! ይሆናል። ይህ የስሕተት ቃል ጸሐፊውን ቢያስቸግረውም ከዝምተኛው ጉድለት ይሻላል።

ወደ ጥገናው ሲመጣ፣ ጸሐፊው አስቀድሞ ያደረገው ብዙዎች የሚያደርጉትን ነው፤ የሁለቱን ቤቶች ዓይነት ከዝርዝሩ Number ብሎ ለወጠ። ድምሩ ግን አልተለወጠም። የቤት ዓይነት መለወጥ ወደፊት የሚጻፈውን ይገዛል እንጂ ቀድሞ የገባውን አይለውጥም። ለ B6 መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቤቱ ሲመረጥ በጎኑ ከሚወጣው የማስጠንቀቂያ ምልክት Convert to Number የሚለውን መምረጥ፣ ወይም ዓይነቱ ከተለወጠ በኋላ F2 ተጭኖ Enter መጫን ነው። እንዲህ ያሉ ቤቶች በመቶ ቢቆጠሩ፣ ዓምዱን በሙሉ መርጦ ከ Data ዝርዝር Text to Columns ብሎ ወዲያው Finish መጫን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይለውጣል።

B6 ሲታረም ድምሩ 2,899,000 ሆነ። ለውጥ ስለታየ ነገሩ አለቀ ብሎ መነሣት ቀላል ነበር፤ COUNT ግን 6 እንጂ 7 ስላላለ ጸሐፊው ቀጠለ። =LEN(B7) ብሎ የፊደሉን ብዛት ሲጠይቅ፣ 148,000 ከነ ነጠላ ሰረዙ 7 መሆን ሲገባው 8 የሚል መልስ መጣ። ስምንተኛው የተሰወረው ባዶ ቦታ ነው። ተራ ባዶ ቦታ የሚያጠፋው TRIM ይህን አያጠፋውም፤ ስለዚህ በ C7 ውስጥ የሚከተለው ተጻፈ።

```
=VALUE(SUBSTITUTE(B7,CHAR(160),""))
```

ይህ ቀመር መጀመሪያ ልዩውን ምልክት ያስወግዳል፤ ቀጥሎ የቀረውን ወደ ቁጥር ይለውጣል። ውጤቱም ተቀድቶ በ Paste Special ውስጥ Values በሚለው መንገድ በ B7 ላይ ተለጠፈ፤ C7 ተሰረዘ። COUNT 7፣ ድምሩም እንደ ባለቤቱ ማስያ 3,047,000 ሆነ።

ይህ ቆጠራ ግን ወሰን አለው። በቤቱ ውስጥ ያለው ቁጥር መሆኑን ይናገራል እንጂ ትክክለኛው ቁጥር መሆኑን አይናገርም። በጣሊያንና በጀርመን አገር የሺህ መለያው ነጥብ፣ የሳንቲም መለያው ነጠላ ሰረዝ ነው። በእንግሊዝኛ ሥርዓት በተዘጋጀ ኮምፒዩተር ላይ ከእንዲህ ያለ ፋክቱር 18.400,00 ተብሎ ቢገባ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ በቆጠራውም ይያዛል። 18.400 ብቻ ተብሎ ቢገባ ግን ኤክሴል አሥራ ስምንት ከአራት አሥረኛ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ቆጠራውም ዝም ይላል። ከነዚህ አገሮች የመጣ ፋክቱር ሲገለበጥ ድምሩን ከፋክቱሩ ጠቅላላ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ጽሑፍ ሆኖ የቀረውን ደግሞ ሁለቱን መለያዎች ነግሮ በሚከተለው ቀመር ማስተካከል ይቻላል።

```
=NUMBERVALUE(B4,",",".")
```

በሌላ በኩል፣ ጽሑፍ ሆኖ የተገኘ ቁጥር ሁሉ ይለወጥ ማለት አይደለም። በዜሮ የሚጀምር የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ወደ ቁጥር ቢለወጥ የፊት ዜሮዎቹ ይጠፋሉ፤ ከ15 አኃዝ የሚበልጥ ቁጥርም ቢለወጥ ከ15ኛው በኋላ ያሉት አኃዞች ዜሮ ይሆናሉ። የማይደመር ነገር፣ ማለትም መለያ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የስልክ ቁጥር፣ Text ተብሎ በራሱ ዓምድ መቀመጥ ይገባዋል።

የምሳሌው ጸሐፊ በመጨረሻ የቀድሞውን የድምር ቀመር ደምስሶ በቦታው ይህን ተካ።

```
=IF(COUNT(B2:B8)=COUNTA(B2:B8),SUM(B2:B8),"ጽሑፍ አለ")
```

ከዚያ ወዲህ በዓምዱ ውስጥ አንድ የተሰወረ ጽሑፍ ቢገባ፣ ሠንጠረዡ ያነሰ ድምር በማቅረብ ፈንታ «ጽሑፍ አለ» ብሎ ይመልሳል። ባለቤቱም ካርቶኑን በ1,500 ብር ለመሸጥ የታሰበውን ትተው፣ ዋጋውን ከ1,523 ብር ከ50 ሳንቲም ወጪ ተነሥተው እንደገና ቆረጡ።