ክሊንገን፦ ለፊልም የተሠራ ቋንቋ ምን ያህል ሰዋስው አለው?

በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች ውስጥ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሲነጋገሩ የምንሰማው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለጆሮ እንግዳ እንዲሆን ብቻ የተደረደረ ድምፅ ነው፤ ትርጉሙን የምናውቀው ከሥር ከሚታየው ጽሑፍ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሕግ ያለው ቋንቋ ነው። ሁለቱን መለየት ይቻላል። በአንድ ዓረፍተ ነገር “ልጅ” ማለት የነበረ ቃል በሌላውም ያንኑ ትርጉም ይዞ ከመጣ፣ ቦታው ሲለወጥ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ በሚገመት መንገድ ከተለወጠ፣ ከድምፁ በስተጀርባ ሰዋስው አለ። ስታር ትሬክ በተባሉት የአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ ጦረኞቹ የሚናገሩት ክሊንገን ይህን ፈተና ያልፋል።

የቋንቋው ጅማሬ ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ለወጣው የመጀመሪያው ፊልም ከተዋናዮቹ አንዱ የሆነው ጄምስ ዱሃን ጥቂት ሻካራ ቃላት ፈጠረ። ለ1984ቱ ሦስተኛ ፊልም ግን ጦረኞቹ ረዘም ያለ ንግግር ስለነበራቸው ሥራው ለቋንቋ ሊቁ ለማርክ ኦክራንድ ተሰጠ። ኦክራንድ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በበርክሌይ ሲሆን፣ ጥናቱ ሙትሱን የተባለ የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ሰዋስው ነበር። ተናጋሪዎቹ በሕይወት ስላልነበሩ ቀደም ሲል የተጻፉ ማስታወሻዎችን እየመረመረ የቋንቋውን ሕግ ከቃላቱ ማውጣት ነበረበት። በክሊንገን መንገዱ ተገለበጠ፤ ሕጉን አስቀድሞ አቆመና ቃላቱን በሕጉ ሠራ። የዱሃንን ቃላት ግን መጣል አልቻለም፤ ተመልካቹ ሰምቷቸዋልና አዲሱ ሕግ እነሱንም ማቀፍ ነበረበት።

ድምፆቹን ሲመርጥ የሰው አፍ የማያወጣውን መጠቀም አይችልም፤ የሚናገሩት ተዋናዮች ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ የክሊንገን ድምፅ በአንድ የሰው ቋንቋ ውስጥ ይገኛል። እንግዳ የሆነው ስብስቡ ነው። ለምሳሌ አብዛኞቹ የዓለም ቋንቋዎች ያላቸው “ክ” በክሊንገን የለም፤ ከጉሮሮ በጥልቀት የሚወጡ ሁለት ዘመዶቹ ግን አሉ። ማንኛውም ተናጋሪ እንዲህ ያለውን ክፍተት ባያስተውለውም ጆሮው እንግዳነት ይሰማዋል።

የቃላት ቅደም ተከተሉም በዚሁ ሐሳብ የተመረጠ ነው። በአማርኛ “ካፒቴኑ ልጁን ያያል” እንላለን፤ ባለቤቱ ይቀድማል፣ ግሱ መጨረሻ ይመጣል። እንግሊዝኛ ግሱን መካከል ያደርገዋል፣ ባለቤቱን ግን እሱም ያስቀድማል። ክሊንገን የእንግሊዝኛን ተከትሎ በሙሉ ይገለብጠዋል። “ፑቅ” ልጅ፣ “ሌግ” ማየት፣ “ኾድ” ካፒቴን ነው፤ “ፑቅ ሌግ ኾድ” ማለት ካፒቴኑ ልጁን ያያል ማለት ነው። ሁለቱን ስሞች አቀያይረን “ኾድ ሌግ ፑቅ” ስንል ያየው ልጁ ይሆናል። ተደራጊው ቀድሞ ባለቤቱ መጨረሻ የሚመጣበት ሥርዓት በሰው ቋንቋዎች ዘንድ እጅግ ብርቅ ነው፤ የለም የሚሉ ሊቃውንትም ነበሩ። በ1970ዎቹ ግን ደስሞንድ ደርቢሻየር በብራዚል አማዞን የሚነገረውን ሂሽካርያና ሲያጠና እዚያ የተለመደው ሥርዓት ይኸው መሆኑን አሳየ። ኦክራንድ የመረጠው ብርቅ የሆነውን እንጂ የማይቻለውን አልነበረም።

ግሱ ጋ ስንደርስ አማርኛ ተናጋሪው ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ይልቅ ቤተኛ ነው። “አየሁህ” ስንል ማን እንዳየና ማን እንደታየ በአንድ ቃል ውስጥ እንናገራለን። ክሊንገንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ሁለቱን ሰዎች ከግሱ በፊት በሚመጣ አንድ ቅጥያ መጠቅለሉ ነው። “ቃሌግ” አይሃለሁ፣ “ቪሌግ” አየዋለሁ፣ “ሙሌግ” ያየኛል ማለት ነው። “እሱ እሱን” ሲሆን ቅጥያ አያስፈልግም፤ ከላይ ባየነው የካፒቴኑ ዓረፍተ ነገር ውስጥ “ሌግ” ባዶውን የቆመው ለዚህ ነው። ከግሱ በኋላ ደግሞ ሌሎች ቅጥያዎች በተወሰነ ተራ ይሰለፋሉ። “ላኽ” ችሎታን፣ “ቤ” አሉታን ያመለክታል፤ “ቃሌግላኽቤ” ላይህ አልችልም ነው። “ቤ” ተራ የማይዝ፣ የሚነካውን ቃል ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ቅጥያ ነው። ስለዚህ “ቃሌግቤላኽ” ብንል ችሎታው ሳይሆን ማየቱ ይፈርሳል፤ አንተን ሳላይ መቅረት እችላለሁ ማለት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ማንም በተዋናይ አፍ ባያኖረውም ሕጉን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። ሰዋስው አለ የምንለው ፈጣሪው ያላሰበውን ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ሠርቶ ሦስተኛ ሰው ሲረዳው ነው።

ይሁንና ቋንቋው ሁሉ በዕቅድ አልተሠራም። በሦስተኛው ፊልም አዛዡ ክሩጅ የጠላትን መርከብ ሞተር ብቻ እንዲመታ ያዘዘውን ተኳሽ ይቆጣል። በቀረጻው ላይ የተነገረው “ጆንታ ኔኽ” ሲሆን “ሞተር ብቻ” ማለት ነበር። ፊልሙ ሲቀናበር ንግግሩ “እስረኞች ፈልጌ ነበር” እንዲሆን ተወሰነ፤ የተዋናዩ ከንፈር ግን ተቀርጿል። ኦክራንድ እነዚያኑ ድምፆች እንደገና ከፈላቸው፤ “ጆን” መማረክ፣ “ታ” የተፈጸመ ተግባር ቅጥያ፣ “ኔኽ” መፈለግ ሆነ፤ ከፊቱም “እስረኞች” የሚለው ቃል ተጨመረ። ዛሬ በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ “ኔኽ” ሁለት ትርጉም አለው። ከዚህም በላይ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር የሌላው ተደራጊ ሲሆን ክሊንገን ሁለቱን የሚያገናኝ ትንሽ ቃል ይጠይቃል፤ “መፈለግ” ብቻ ይህን ቃል አይወስድም። በአንድ ፊልም አርትዖት ምክንያት ቋንቋው ከሕግ ውጭ የሆነ ግስ አገኘ።

እንዲህ ያለ ከሕግ ያፈነገጠ ነገር በሰው ቋንቋ ሁሉ ሞልቷል፤ የሚመጣው ግን ከብዙ ትውልድ አጠቃቀም ነው። እውነተኛ ታሪክን በወረቀት ለመተካት የሞከረው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው። የሁለቱን የኤልፍ ቋንቋዎች ቃላት ከአንድ ጥንታዊ ሥር አውርዶ በየራሳቸው የድምፅ ለውጥ አሳለፋቸው፤ “መናገር” በአንዱ “ክዌት” ሲሆን በሌላው “ፔድ” የሆነው ለዚህ ነው። በላቲን ከ“ክዋ” የሚጀምረው “አራት” በዌልስ ቋንቋ ከ“ፔ” የሚጀምረውም በተመሳሳይ ለውጥ ነው። ክሊንገን ግን እንዲህ ያለ ያለፈ ዘመን አልተሰጠውም።

እጥረቱ የሚታየው ሰዎች ሊኖሩበት ሲሞክሩ ነው። አንድ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ ልጁን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በክሊንገን ብቻ ሊያናግረው ሞክሮ ነበር። ችግር የገጠመው በግሱ እርባታ ሳይሆን ለብዙ የቤት ዕቃዎች ቃል በማጣቱ ነው፤ ልጁም ቋንቋውን ስላልወደደው ተወው። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው መዝገበ ቃላት ውስጥ የነበሩት ቃላት የተመረጡት ለመርከብና ለጦርነት ነበርና። ስለዚህ የርዕሱ ጥያቄ መልስ ይህ ነው፦ የክሊንገን የዓረፍተ ነገር አሠራር ሙሉና እውነተኛ ሰዋስው ነው፤ የጎደለው ለሁለት ሰዎች የዕለት ኑሮ የሚበቃ ቃልና ቋንቋውን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደፈለገው የሚያጎብጠው ተናጋሪ ነው።