ከአሮጌው ዲስክ ላይ ምን ይነበባል?

ሶማሌ ተራ ባሉ የመለዋወጫ ሱቆች በስልክ የተነሳ ፎቶ እንደ ናሙና ማቅረብ የተለመደ ነው። መካኒኩ የፈታውን ዕቃ ፎቶ በቴሌግራም ይልካል፣ ባለሱቁም መደርደሪያው ላይ ካለው ጋር ያስተያያል። ዱባይ ያለ ዘመድ ዕቃ እንዲልክ ሲጠየቅም መጀመሪያ የሚለው "ፎቶውን ላክልኝ" ነው። ነገር ግን ሁለት የፊት ፍሬን ዲስኮች በፎቶ ፍጹም አንድ መስለው፣ አንዱ በትክክል ገብቶ ሲሽከረከር ሌላው ካሊፐሩን ሊፈገፍግ ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ብረቱ ላይ ያለው ምልክት ሲነበብና መጠኑ ሲለካ ነው።

ዲስክ የሚሠራው ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት ነው። ቅርጹ ላይ የነበሩት ፊደላትና ቁጥሮች ብረቱ ላይ ጎልተው ይወጣሉ። የሚገኙትም ብዙውን ጊዜ ሸራው በማይነካው ቦታ፣ ማለትም መሀል ላይ እንደ ባርኔጣ ከፍ ባለው ክፍል ወይም በውጭው ጠርዝ ላይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያሳስተው MIN TH 20 የሚለው ዓይነት ጽሑፍ ነው። ይህ ዲስኩ ተበልቶ ከ20 ሚሊ ሜትር በታች ሲሳሳ መጣል እንዳለበት የሚያስታውቅ ወሰን እንጂ የአዲሱ ዲስክ ውፍረት አይደለም። ውፍረቱ አዲስ ሳለ 22 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ባለሱቁ "20" የሚለውን ብቻ አይቶ ባለ 20 ሚሊ ሜትር አዲስ ዲስክ ቢሰጥ፣ ገዢው ገና ከመጀመሪያው ቀን መጣያው ወሰን ላይ የደረሰ ዲስክ ይገጥማል።

በ12 ቁጥሮች የተከበበ ክብና መሀሉ ላይ ቀስት ከታየ ደግሞ ዕቃው የፈሰሰበትን ወር የሚያሳይ ነው፤ መሀሉ ላይ ያሉት ሁለት አኃዞች ዓመቱን ይናገራሉ። የዕቃው ቁጥር አይደለም። የዕቃ ቁጥር ለምሳሌ በቶዮታ ባብዛኛው 10 አኃዝ ሆኖ አምስት አምስት ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ሲናገሩ (43512 የፊት ዲስክ ነው)፣ የቀሩት አምስቱ የትኛው መኪና እንደሆነ ይለያሉ። ብረቱ ላይ ጎልቶ የወጣው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ የቅርጹ ቁጥር ብቻ ነው። ከአንድ ቅርጽ የወጣ ብረት በኋላ በልዩ ልዩ መንገድ ተቀርጦና ተበስቶ የተለያየ ዕቃ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩ ፍለጋውን ያጠብባል እንጂ አይዘጋውም።

ምልክቱ እንዲነበብ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፤ በሞረድ ግን አይነካ፣ ፊደሉን ያጠፋዋል። ከዚያ ጠመኔ በጎን ይዞ በላዩ ማሸት ነው፤ ጎልተው የወጡት ፊደላት ነጭ ሆነው ይቀራሉ። የስልኩ ፍላሽ ይጥፋ፣ የእጅ ባትሪም ከጎን ዝቅ ብሎ ይብራ፤ ጥላው 3ን ከ8 ለመለየት ይረዳል። መጠኑን ለማሳየት ማስመሪያ ሲቀመጥ ከሚለካው ፊት ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፤ ስልኩንም አንድ ሜትር ያህል አርቆ ዙም አድርጎ ማንሳት ይሻላል። በጣም ቀርቦ የተነሳ ፎቶ የቀረበውን ያተልቃል።

ከፎቶው ጋር አራት ልኬቶች ይላኩ፤ የዲስኩ ስፋት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ብዛትና ርቀት፣ ሞዞው የሚገባበት የመሀሉ ቀዳዳ፣ እንዲሁም አጠቃላይ ከፍታው። ባለ አራት ቀዳዳ ከሆነ ርቀቱ የሚለካው ከአንዱ ቀዳዳ መሀል ትይዩ እስካለው ቀዳዳ መሀል ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከፍታው ነው። በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተለየ ዲስኩ በብሎኖቹ ይገባና ከካሊፐሩ መሀል ይወጣል። የመጀመሪያውን ውፍረት ለመገመት ደግሞ ሸራው ያልደረሰበት የውጭው ጠርዝ ይለካ፤ መሀሉ ተበልቷል። ጠርዙ ከዛገ ግን ዝገቱ ልኬቱን ስለሚያበዛ ቀድሞ ይጽዳ።

አንድ ጥርጣሬ ይቀራል፤ አሮጌው ዕቃ ራሱ የመኪናው ላይሆን ይችላል። ያገለገለ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ቀድሞ የነበረው ባለቤት የተገኘውን ገጥሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የግራና የቀኙ ዲስክ ምልክት ይነጻጸር፤ ከተለያዩ ሁለቱንም ባለማመን፣ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ለባለሱቁ ሰጥቶ ከካታሎግ ማስፈለግ ነው። ዲስክ ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራል። አሮጌዎቹም አዲሶቹ ተገጥመው፣ ጎማው በእጅ ተሽከርክሮ፣ ምንም አለመነካካቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ለቁራሌው አይሰጡ።