ከፈተናው ቀን ወደ ኋላ መቁጠር
የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ስለጀመረ፣ የነገሌ ቦረና ተማሪ መጀመሪያ የጉዞውን ቀናት ይቀንስ። 36 ምሽት ቀረው እንበል። 6ቱን ለመጠባበቂያ ይተው፤ መብራት የሚጠፋበት ምሽት አይታጣም። ከዚያ ያለፈ ዓመት ፈተና በሰዓት ገድቦ ይሥራና በውጤቱ መሠረት ክብደት ይስጥ፤ “ከባድ ነው” በሚለው ወሬ አይደለም። ፊዚክስ 3፣ ሒሳብና ኬሚስትሪ 2፣ 2፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ 1፣ 1 ቢደርሳቸው ድምሩ 10 ነው። ቀሪው 30 ምሽት ለ10 ሲካፈል ለአንድ ነጥብ 3 ምሽት ይደርሳል፤ ፊዚክስ 9 ያገኛል ማለት ነው። ዘጠኙ ግን በተከታታይ ሳይሆን በየሦስት አራት ቀኑ ይመደቡ፤ በአንድ ሳምንት የታጨቀ ቶሎ ይረሳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ዓመት ፈተና ሲለካ ውጤቱ ካልተነቃነቀ፣ ምሽት ከመጨመር ይልቅ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ማገላበጥ ይሻላል።