ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ተጠያቂ

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ቃለ ጉባኤ ላይ «በሚመለከታቸው አካላት ይፈጸም» የሚል ውሳኔ አይጠፋም። ሥራው የአንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ጉዳቱ ብዙ አይደለም፤ ማንን እንደሚመለከት ሁሉም ያውቃል። ሦስትና አራት ክፍሎች በጋራ በያዙት ፕሮጀክት ላይ ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ክፍል ሌላውን ይጠብቃል። የፕሮጀክት ባለሙያዎች ለዚህ ችግር የሚጠቀሙበት «ሬሲ» የሚባል የኃላፊነት ሠንጠረዥ አለ።

ሠንጠረዡ ቀላል ነው። ሥራዎቹ ወደ ታች፣ ኃላፊዎቹ ወደ ጎን ይጻፉና በየሳጥኑ ከአራት ድርሻዎች አንዱ ይሞላል። ፈጻሚ ሥራውን በእጁ የሚሠራው ነው። ተጠያቂ ሥራው በትክክል ማለቁን አይቶ የሚፈርመው፣ ካላለቀም መልስ የሚሰጠው ነው። ሦስተኛው ከውሳኔ በፊት ሐሳቡ የሚጠየቅ ተማካሪ ሲሆን አራተኛው ውሳኔው እንዲያውቀው ብቻ የሚደረግ ሰው ነው። ፈጻሚዎች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ተጠያቂው ግን ለአንድ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የሠንጠረዡ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒውተር የሚሸጋገር አንድ ሆስፒታል እናስብ። ካርድ ክፍሉ፣ ፋርማሲው፣ ፋይናንሱና የአይሲቲ ክፍሉ በፕሮጀክቱ ውስጥ አሉ። ከሥራዎቹ አንዱ «የመድኃኒት ዋጋን ወደ ሲስተሙ ማስገባት» ነው። ከስብሰባው በፊት የየክፍሉ ኃላፊ ሠንጠረዡን ሌላውን ሳያይ ለብቻው ይሙላ። ይህን እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይኼ ነው እላለሁ። ፋርማሲው «ዋጋ የሚያጸድቀው ፋይናንስ ነው» ብሎ ተጠያቂነቱን ለፋይናንስ ይሰጣል። ፋይናንሱ «ኮምፒውተር ላይ የሚገባ ነገር የአይሲቲ ነው» ይላል። አይሲቲው ደግሞ «መድኃኒቱን የሚያውቀው ፋርማሲ ነው» ብሎ ይጽፋል። ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ራሱን ተጠያቂ ያደረገ አንድም ክፍል የለም። ይህ ክፍተት ሲስተሙ ሥራ በሚጀምርበት ቀን ሕመምተኛ ተሰልፎ ሳለ ከሚገኝ ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ቢገኝ ይሻላል።

ክርክሩ ሲጀመር አንድ መስሎ የተጻፈው ሥራ ሦስት ሆኖ ይገኛል። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና መለኪያ መዘርዘር የፋርማሲ ነው። ዋጋውን ማጽደቅ የፋይናንስ ነው። የሚያከራክረው ሦስተኛው፣ ዝርዝሩን አስገብቶ ማመሳከሩ ነው። አሥር ፍሬ ያለው የአንድ ስትሪፕ ፓራሲታሞል ዋጋ በስህተት የአንድ ፍሬ ዋጋ ሆኖ ቢገባ ሕመምተኛው አሥር እጥፍ ይከፍላል። የሚያስገባው የአይሲቲ ባለሙያ ይህን ስህተት በዓይኑ አይለየውም፤ የፋርማሲ ኃላፊው ግን ወዲያው ያየዋል። ስለዚህ አይሲቲ ፈጻሚ፣ የፋርማሲ ኃላፊው ተጠያቂ፣ ፋይናንስ ተማካሪ ይሆናሉ፤ ካርድ ክፍሉ እንዲያውቀው ይደረጋል። ተጠያቂው የሚመረጠው በማዕረጉ ሳይሆን ስህተቱን መለየትና ሥራውን ማስቆም በመቻሉ ነው። የማስቆም ሥልጣኑ ከሌለው ደግሞ ወይ ሥልጣኑ ይሰጠው፣ ወይ ተጠያቂነቱ ወደ ሌላ ይዛወር።

የተሞላ ሠንጠረዥ ሲታይ ሕመሙ ከሩቅ ያስታውቃል። በተጠያቂው ሳጥን ውስጥ «ኮሚቴ» ከተጻፈ ተጠያቂ የለም ማለት ነው፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ስም ይጻፍ። የሁሉም ሥራ ተጠያቂ ሥራ አስኪያጁ ከሆነ ፕሮጀክቱ የእሱን ፊርማ ሲጠብቅ ይከርማል። በአንድ ሥራ ላይ አምስትና ስድስት ተማካሪ ከተደረደረ ብዙዎቹ ቅር እንዳይላቸው የገቡ ናቸውና ወደ አራተኛው ድርሻ ይውረዱ። «ሲስተሙን መዘርጋት» የሚል ሰፊ ሥራም አይሠራም፤ ማለቁን በአንድ ቀን አይቶ ማረጋገጥ እስኪቻል ድረስ ይከፋፈል።

ሠንጠረዡ የማይችለውም አለ። የትኛው ሥራ እንደሚቀድምና መቼ እንደሚያልቅ አይናገርም፤ ለዚያ የጊዜ ሰሌዳ ያስፈልጋል። በሁለት ኃላፊዎች መካከል ያለውን ቅሬታም አይፈታም። ቶሎም ያረጃል፤ ተጠያቂው ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ የእሱ ሳጥን ባዶ መሆኑን ብዙውን ጊዜ ማንም ልብ አይለውም።

ስለዚህ በጋራ ፕሮጀክት ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ሠንጠረዡን ከቃለ ጉባኤው ጋር አያይዙት፤ አንድ ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ርክክቡ ላይ የእሱን ሥራዎች አንድ በአንድ አንብባችሁ አዲሱን ሰው አስፈርሙ።