1,000 ዶላር የተጻፈበት ቦንድ ስንት ያወጣል?

ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዩሮ ቦንድ ሸጣ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። ዓመታዊ ወለዱ 6.625 በመቶ ሲሆን ሰኔና ታኅሣሥ ላይ በግማሽ በግማሽ እንዲከፈል፣ ዋናው ገንዘብም ታኅሣሥ 2017 ላይ እንዲመለስ ነበር ውሉ። ስለዚህ 1,000 ዶላር የተጻፈበት ቦንድ የያዘ ሰው በየስድስት ወሩ 33.125 ዶላር ማግኘት ነበረበት። ይህ ክፍያ ኩፖን ይባላል።

ቦንዱ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። የታኅሣሥ 2015 ኩፖን እንደተከፈለ አንድ ሰው ሊገዛው መጣ እንበል። የሚቀሩት አራት ኩፖኖችና 1,000 ዶላሩ ሲደመሩ 1,132.50 ዶላር ይሆናሉ፤ ነገር ግን ይህን ያህል የሚከፍል ሞኝ አይገኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ ብር ዛሬ ኪስ ውስጥ ካለው ጋር እኩል አይደለምና።

ገዢው ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውለው በዓመት 10 በመቶ የሚያገኝ ከሆነ ከዚህም ያንኑ ይጠብቃል። ክፍያው በየስድስት ወሩ ስለሆነ ስሌቱ በ5 በመቶ ይሠራል። የመጀመሪያው ኩፖን አንዴ በ1.05 ይካፈልና 31.55 ይሆናል። ሁለተኛው ሁለቴ ተካፍሎ 30.05፣ ሦስተኛው 28.61፣ አራተኛው 27.25 ይደርሳል። ዋናው 1,000 ዶላርም ከአራተኛው ኩፖን ጋር ስለሚመጣ አራት ጊዜ ተካፍሎ 822.70 ይሆናል። ሁሉም ሲደመር 940.16 ዶላር ነው፤ የቦንዱ ዋጋ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ማካፈያውን ነው። ቦንዱ ላይ የተጻፈው 6.625 የሚከፈለውን ኩፖን ብቻ ይወስናል። እሱንም ማካፈያ ካደረጉት መልሱ ምንጊዜም 1,000 ይወጣል፤ እንዲህ ያለ መልስ ያገኘ ሰው ስሌቱን ደግሞ ይመልከት። የሚካፈለው ገዢው ዛሬ በሚጠይቀው ትርፍ ነው። እሱ ወደ 4 በመቶ ቢወርድ ይኸው ቦንድ ወደ 1,050 ዶላር ያወጣል። በሁለት ኩፖኖች መካከል የሚገዛ ደግሞ ከዚህ ዋጋ በተጨማሪ እስከዚያ ቀን የተጠራቀመውን ወለድ ለሻጩ ይከፍላል።

ስሌቱ አንድ ነገር እንደ እውነት ይወስዳል፤ ተበዳሪው በቀኑ ሙሉውን ይከፍላል የሚለውን። ጥርጣሬ ሲገባ ገዢው ማካፈያውን ከፍ ያደርጋል። 40 በመቶ ቢጠይቅ፣ ማለትም በየስድስት ወሩ 20 ቢሆን፣ ዋጋው ወደ 568 ዶላር ይወርዳል። ኩፖኑ ያው ነው፣ ቀኑም ያው ነው፤ የተለወጠው የገዢው ፍርሃት ብቻ ነው።

በምሳሌያችን ሁለተኛ የሆነው የታኅሣሥ 2016 ኩፖን፣ በጠቅላላው ወደ 33 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋው፣ ሳይከፈል ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቦንድ ለመተመን መጀመሪያ መገመት ያለበት ማካፈያው አይደለም፤ በድርድሩ መጨረሻ ስንት ዶላር፣ መቼ እንደሚመጣ ነው።