ብዕሩ እዚህ፣ ጠቋሚው እዚያ

የብዕር ስክሪን ከመስታወቱ ሥር ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎችን ይዟል። አንዱ ምስሉን የሚያሳየው ስክሪን ነው፤ ሌላው ብዕሩ ያለበትን ቦታ የሚለካው ዲጂታይዘር ነው። ዲጂታይዘሩ «ብዕሩ ከግራ ወደ ቀኝ የስፋቴ ግማሽ ላይ ደርሷል» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግራል እንጂ እዚያ ቦታ ላይ ምን ምስል እንዳለ አያውቅም። ልኬቱን ወደ ስክሪን ነጥብ የሚቀይረው ሶፍትዌሩ ነው። ማውስ የሚናገረው ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ብቻ ስለሆነ ዓይናችን ጠቋሚውን እየተከተለ እጃችንን ያርማል። ብዕር ግን ቦታውን ራሱን ስለሚናገር በቅየራው ላይ የተፈጠረ ስህተት ሁሉ ወዲያው ይታያል። ጠቋሚው ከብዕሩ ጫፍ ሲርቅ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ካሊብሬሽን ነው። ካሊብሬሽን ግን መጨረሻ ላይ መምጣት አለበት፤ መንስኤውን የሚናገረው የስህተቱ ቅርጽ ነውና አስቀድሞ እሱን ማየት ይገባል።

ስፋቱ 1920 ፒክስል የሆነ ላፕቶፕ በግራ፣ ስፋቱ ያው የሆነ የብዕር ስክሪን ደግሞ በቀኝ ተቀምጠዋል እንበል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን እንደ አንድ 3840 ፒክስል ሜዳ ያያቸዋል። ብዕሩ የትኛው ስክሪን ላይ እንደሆነ ካልተነገረው ልኬቱን በሜዳው ሁሉ ላይ ይዘረጋዋል። ያኔ የብዕር ስክሪኑ መሃል ሲነካ ጠቋሚው የሁለቱ ስክሪኖች ድንበር ላይ ይቆማል፤ የግራ ጠርዙ ሲነካ የላፕቶፑ ግራ ጥግ ላይ ይወጣል፤ የቀኝ ጠርዙ ሲነካ ግን በትክክል ይገጥማል። ስህተቱ በአንደኛው ጠርዝ ዜሮ ሆኖ ወደ ሌላው ስንሄድ እያደገ የሚመጣ ከሆነና ጠቋሚው ወደ ሌላ ስክሪን ካመለጠ፣ ጥፋቱ የምደባ ነው። በዊንዶውስ Tablet PC Settings ውስጥ Setup የሚለው የትኛው ስክሪን እንደሚነካ ጠይቆ ይመድበዋል። በኤክስ11 የሚሠራ ሊኑክስ ላይ ደግሞ የመሣሪያውን ቁጥር በ`xinput list`፣ የስክሪኑን ስም በ`xrandr` አይቶ እንዲህ ማዘዝ ይቻላል፤ ቁጥሩና ስሙ እንደየኮምፒውተሩ ይለያያሉ።

```
xinput map-to-output 12 HDMI-1
```

ሁለተኛው መንስኤ ስኬሊንግ ነው። ስኬሊንጉ 150% ሲሆን አንዳንድ ቆየት ያለ ፕሮግራም 1920 ፒክስሉን ስክሪን 1280 ፒክስል አድርጎ ያስበዋል። የብዕሩ ልኬት በፕሮግራሙ ሒሳብ፣ ሥዕሉ ደግሞ በእውነተኛው ፒክስል ከተቆጠረ፣ የብዕሩ ልኬት ለአንድ ተኩል ይካፈላል። መስኮቱ ስክሪኑን ሲሞላ 300ኛው ፒክስል ላይ የተጫረ መስመር 200ኛው ላይ ይወድቃል፤ 1200ኛው ላይ የተጫረው ግን 800ኛው ላይ ያርፋል። መቶ የነበረው ስህተት አራት መቶ ሆነ ማለት ነው። ይህንን ከምደባ ጥፋት የሚለየው፣ ዴስክቶፑ ላይ ጠቋሚው ብዕሩን በትክክል እየተከተለ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ መሳቱ ነው። ለማረጋገጥ ስኬሊንጉን ለጊዜው 100% ማድረግ ይበቃል፤ ስህተቱ ከጠፋ መንስኤው ተገኝቷል። ከዚያም በፕሮግራሙ Properties ውስጥ Compatibility በሚለው ገጽ ከፍተኛ ጥራት ላለው ስክሪን የሚደረገውን ስኬሊንግ ራሱ ፕሮግራሙ እንዲወስን መፍቀድ ይቻላል።

ካሊብሬሽን የተሠራው ከእነዚህ በእጅጉ ላነሰ ስህተት ነው። የብዕሩ ጫፍ መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ ምስሉ ግን ከመስታወቱ በታች ነው። መስታወቱ ሁለት ሚሊሜትር ቢወፍርና ሰውየው 30 ዲግሪ ያህል አጋድሎ ቢያየው፣ ምስሉ ሰባት የሚሊሜትር አሥረኛ ገደማ ተንሸራቶ ይታየዋል። 15.6 ኢንች በሆነ 1920 ፒክስል ስክሪን ላይ ይህ አራት ፒክስል ያህል ነው። ልዩነቱ በየቦታው ተቀራራቢ ይሆናል፣ ጭንቅላት ሲንቀሳቀስም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ካሊብሬሽን ሲደረግ እንደ ሥራ ሰዓቱ መቀመጥ ያስፈልጋል። ጠርዝ አካባቢ የሚታየው ጠማማ ስህተት ግን ከዲጂታይዘሩ ከራሱ ሊመጣ ይችላል፤ አራት ነጥብ ብቻ የሚወስድ ካሊብሬሽን ሙሉ በሙሉ አያነሳውም።

«እኔ ግን ካሊብሬት አድርጌ ተስተካክሎልኛል» የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የምደባ ጥፋት በሒሳብ ሲታይ ማባዛትና መደመር ብቻ ስለሆነ አንዳንድ የካሊብሬሽን ፕሮግራም ያንኑ ሒሳብ ገልብጦ ጥፋቱን ያጣፋዋል። ነገር ግን ማረሚያው የተሰላው ሁለቱ ስክሪኖች በዚያ ቀን ለነበራቸው አቀማመጥ ነው። ሁለተኛው ስክሪን ሲነቀል ወይም ጥራቱ ሲቀየር የድሮው ማረሚያ ራሱ አዲስ ስህተት ይሆናል፤ ያኔ ሁለት ጥፋት ተደራርቦ ምንጩን ለማግኘት ይከብዳል። «አራት ፒክስል እንኳ ለሠዓሊ ያስቸግራል» የሚለውም ትክክል ነው፤ ካሊብሬሽን አያስፈልግም ያለ የለም። አራቱን ማዕዘኖችና መሃሉን በብዕር ነክቶ ስህተቱ የት እንደሚያድግና የት እንደሚጠፋ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ምደባውና ስኬሊንጉ ከተስተካከሉ በኋላ የሚቀረው ትንሽና ወጥ የሆነው ልዩነት ብቻ የካሊብሬሽን ድርሻ ነው። የቀድሞ ማረሚያ ካለም አዲሱ ከመጀመሩ በፊት መሰረዝ አለበት።